ወርቁ ከየት ወረደ?

ሻኪሶ አቅራቢያ በሚወርድ አንድ ጅረት ውስጥ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ገበቴያቸውን ያዞራሉ። ውሃው ከጉልበታቸው አይደርስም። መጀመሪያ ጭቃው ደፍርሶ ወጣ። ቀጥሎ ጠጠሩን በእጃቸው እየለቀሙ ጣሉ። ከዚያ ገበቴውን ዘንበል አድርገው ሲያወዛውዙት ነጩ አሸዋ በጠርዙ በኩል እየፈሰሰ ሄደ። በመጨረሻ ከታች የቀረው አንድ ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር አሸዋ ነበር። ጥቂት ውሃ ጨመሩበትና ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት አሸዋው ተዘረጋ፤ ከኋላው ሦስት ቢጫ ነጥቦች ቀሩ።

«ይኸው ልጄ፣ አለ» አሉት አጠገባቸው ቁጢጥ ላለው ወጣት ጂኦሎጂስት።

«አየሁት እማማ። ግን ጥቁሩን አሸዋ እንዳይደፉብኝ።»

«እሱ ምን ያደርግልሃል? አይሸጥ!»

ወጣቱ ሳቅ ብሎ አሸዋውን በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ገለበጠና የቦታውን ቁጥር ጻፈበት። ሁለቱ የሚፈልጉት ወርቅ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ይለያያል። እሳቸው ወርቁ የት እንደተኛ ማወቅ ይበቃቸዋል። እሱ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ማወቅ አለበት። ለዚህ ደግሞ ከሦስቱ ቢጫ ነጥቦች ይልቅ አብሯቸው የመጣው ጥቁር አሸዋ ብዙ ይናገራል።

ገበቴው የሚሠራው በክብደት ልዩነት ነው። የተራ አሸዋ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ እኩል መጠን ካለው ውሃ ከሁለት ተኩል እጥፍ ትንሽ በለጥ ብሎ ይከብዳል። ጥቁር አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ማግኔታይት አምስት እጥፍ ይደርሳል። ንጹሕ ወርቅ 19 እጥፍ ነው፤ ከወንዝ የሚገኘው ብር ስለሚቀላቀልበት ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ወርቅ የሚቀመጠው የውሃው ጉልበት ድንገት በሚደክምበት ቦታ ነው፦ ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ፣ ጅረቱ ሲታጠፍ በውስጠኛው ዳር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠጠሩ አልቆ አለቱ በሚጀምርበት፣ በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ። እናትየውም አፈሩን ያወጡት ከላይ ሳይሆን ጠጠሩን ቆፍረው፣ አለቱን በብረት ጭረው ነው።

የአንዷ ነጥብ ስፋት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ቢሆን፣ ክብደቷ የአንድ ሚሊግራም አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። አንድ ግራም ለመሙላት ከአስር ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ይህን ቁጥር አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ በኋላ ላብራቶሪ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ከ10 ኪሎ ሜትር በታች

ወርቅ በየትኛውም ድንጋይ ውስጥ አለ። ችግሩ ማነሱ ነው፤ በተራ ድንጋይ ውስጥ በቶን ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው የሚገኘው። ማዕድን ተብሎ ሊቆፈር የሚችለው ግን በቶን ጥቂት ግራም ሲኖረው ነው። ስለዚህ ተፈጥሮ ያንኑ ወርቅ ከሰፊ ቦታ ሰብስባ ወደ ሺህ እጥፍ ማጠናከር አለባት። የምትሰበስበው በሙቅ ውሃ ነው።

ሻኪሶ ያለችበትን የአዶላን ቀበቶ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጉጂ ውስጥ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ የጥንት ድንጋይ ቀበቶ ነው። ድንጋዮቹ ባንድ ወቅት የባሕር ወለል ጭቃና የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነበሩ። የምሥራቁና የምዕራቡ የጥንት አህጉር ተገፋፍተው ሲጋጠሙ፣ መሐል የነበረው ባሕር ተዘጋ፤ ወለሉም ታጥፎና ተጨምቆ ወደ ጥልቀት ወረደ። በዚህ ቀበቶ ውስጥ ያለው የለገ ደምቢ ወርቅ የተቀመጠው በዚያ ረጅም ግጭት ማብቂያ አካባቢ፣ የዛሬ 545 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ይገመታል።

ድንጋይ ወደ ጥልቀት ሲወርድና ሲግል ውሃውን ይለቃል። ይህ በቀዳዳ ውስጥ የቋጠረው ውሃ ሳይሆን በማዕድናቱ አካል ውስጥ የታሰረው ነው። ለምሳሌ አረንጓዴው ክሎራይት ሙቀቱ ሲበረታበት ይፈርስና ውሃውን ይሰጣል። በዚያው ሙቀት ፓይራይት፣ ማለትም ብዙዎች የሞኝ ወርቅ የሚሉት የብረትና የድኝ ውሁድ፣ ግማሽ ያህሉን ድኝ አጥቶ ፒሮታይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ይለወጣል። የተለቀቀው ድኝ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወርቅ በንጹሕ ውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ ድኝ ካለበት ሙቅ ውሃ ጋር ግን ተጣምሮ ይሟሟል። ያኔ በድንጋዩ ውስጥ ተበትኖ የነበረው ወርቅ መንገድ ይጀምራል።

የሚሸከመው ግን ጥቂት ነው። አንድ ቶን ውሃ አስር ሚሊግራም ጥሎ ቢያልፍ፣ አንድ ግራም ለማስቀመጥ አንድ መቶ ቶን ውሃ በአንድ ቦታ ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ የወርቅ ክምችት በየትም አይገኝም፤ ከታች የመጣው ውሃ ሁሉ በጠባብ መንገድ እንዲያልፍ ያስገደደ ትልቅ ስብራት ባለበት ይገኛል። በለገ ደምቢ ይህ መንገድ ሁለት ዓይነት ድንጋዮች በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ነው። በአንድ በኩል እንደ ግራናይት ያለ ጠንካራ ድንጋይ አለ፤ በሌላው በኩል ግራፋይት የበዛበት፣ ጥቁርና ልስልስ፣ እጅ የሚያጠቁር ድንጋይ። መሬት ስትገፋ ጠንካራው አልታጠፍ ይላል፣ ለስላሳው ይንሸራተታል፤ ስብራቱም በመሐላቸው ይወለዳል።

ውሃው ስብራቱ ሥር ሲደርስ መንገዱ ዝግ ነው። ስለዚህ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ግፊቱ ከላይ የተጫነውን የድንጋይ ክብደት ሲስተካከል ስብራቱ ድንገት ይንሸራተታል፤ ከላይ ሰው ቢኖር ኖሮ የመሬት መንቀጥቀጥ ይለው ነበር። ስንጥቁ በቅጽበት ይከፈታል፣ ግፊቱም በዚያው ቅጽበት ይወድቃል። ከ300 እስከ 400 ዲግሪ የጋለው ውሃ የያዘውን ሁሉ መያዝ ያቅተዋል። በብዛት የተሸከመው ሲሊካ ስለነበር መጀመሪያ ስንጥቁን የሚሞላው እሱ ነው፤ ነጩ ኳርትዝ ይህ ነው። ድኙ ከውሃው ሲለይ ወይም ከግድግዳው ድንጋይ ብረት ጋር ሄዶ ፓይራይት ሲሠራ፣ ወርቁ ተሸካሚውን ያጣና ይወርዳል። የግድግዳው ግራፋይትም ይህንኑ ያግዛል።

ከዚያ ኳርትዙ መንገዱን መልሶ ይዘጋዋል። ግፊቱ እንደገና ይጠራቀማል፤ እንደገና ይሰበራል። ይህን «የስብራት ቫልቭ» አሠራር ሪቻርድ ሲብሰንና ባልደረቦቹ በፈረንጆች 1988 ዓ.ም. በጥናት ካቀረቡት ወዲህ አብዛኛው ባለሙያ ተቀብሎታል። ድርጊቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ብዙ መቶ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። እንዲህ ተሞልቶ የተጠገነውን ስንጥቅ ባለሙያዎች ቬይን ይሉታል።

በነገራችን ላይ፣ ኳርትዝ ሲጨመቅ ትንሽ ኤሌክትሪክ የማመንጨት ጠባይ አለው። በፈረንጆች 2024 የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህ ኤሌክትሪክ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ወርቅን ከውሃው ስቦ ሊያስቀምጥ እንደሚችል በላብራቶሪ አሳይተዋል፤ ትላልቅ የወርቅ እብጠቶች ከኳርትዝ መሐል የሚገኙበትን ምክንያት ያስረዳ ይሆናል። ለእኔ ማራኪ ሐሳብ ነው፤ ጅረት ለጅረት ለሚሄደው ሰው ሥራ ግን እስካሁን የለወጠው ነገር የለም።

የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ኳርትዝ ሁሉ ወርቅ የለውም፤ እንዲያውም አብዛኛው የለውም። እንደ ወተት የነጣ፣ ወፍራም፣ ንጹሕ ኳርትዝ ከሩቅ ዓይን ይስባል፤ ሲሰበር ግን ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። አንዴ ተከፍቶ አንዴ የተሞላ ስንጥቅ ነውና። ተስፋ ያለው መልኩ ቆሸሽ ያለው ነው። ደጋግሞ የተከፈተ ቬይን በውስጡ ከግድግዳው የተገነጠሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉት፤ በየመስመሩ ዳር ደግሞ ሰልፋይድ፣ ወይም ሰልፋይዱ በስብሶ የተወው ዝገት የሞላው ጉድጓድ ይታያል። በለገ ደምቢ ወርቁ በተለይ ከእርሳስ ማዕድኑ ከጋሌና ጋር አብሮ መታየቱ የታወቀ ነው።

ከጥቁሩ አሸዋ ውስጥ

አሁን ወደ ከረጢቱ እንመለስ። ወጣቱ አሸዋውን ካደረቀ በኋላ በመጀመሪያ የሚያደርገው በወረቀት የተጠቀለለ ማግኔት ማሳለፍ ነው። አብዛኛው ጥቁር አሸዋ ተነስቶ ይሄዳል፤ ያ ማግኔታይት ነው። ብዙ ሰው ጥቁር አሸዋ ካለ ወርቅ አለ ይላል። ይህ ስህተት ነው። ማግኔታይት ከብዙ ዓይነት ድንጋይ ይወጣል፤ ወርቅ ባለበት የሚበዛው ሁለቱም ከባድ ስለሆኑና ውሃው አንድ ቦታ ስለሚጥላቸው ብቻ ነው። መገኘቱ ጥሩ ጉድጓድ መቆፈርህን ይነግርሃል እንጂ የወርቅ ተራራ ሥር መቆምህን አይነግርህም። በዚህ አካባቢ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ ሻኪሶ ከቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን ሩቅ አይደለችም። ታንታላይትም ጥቁርና በጣም ከባድ ነው፤ የሚመጣው ግን ከሌላ ዓይነት ድንጋይ ነው።

ማግኔቱ ያላነሳው ቅሪት በአጉሊ መነጽር ሥር ይገባል። ወጣቱ የሚፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቡናማ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ኪዩብ ነው። ፓይራይት በኪዩብ መልክ ያድጋል፤ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ይዝግና ሊሞናይት ይሆናል፣ ቅርጹን ግን እንደያዘ ይቆያል። ሊሞናይት ለስላሳ ስለሆነ በጠጠር መሐል ብዙ ርቀት ሳይከሰከስ አይሄድም። ስለዚህ ጠርዙ ያልተበላ ኪዩብ ካየ፣ ሰልፋይድ ያለበት ድንጋይ ቅርብ ነው ማለት ነው። ጋሌናም እንዲሁ ነው፤ ለስላሳና ቶሎ የሚሰበር፣ ዝናብ በበዛበት አገር ደግሞ ላዩ ነጭ ሽፋን አብጅቶ ቀስ በቀስ የሚያልቅ። አንዲት የጋሌና ስባሪ ማግኘት ሲበዛ ዕድል ነው፤ ስለዚህ ባለሙያዎች ስባሪው ባይኖርም በጅረቱ ደቃቅ ጭቃ ውስጥ የቀረውን እርሳስና አርሴኒክ በላብራቶሪ ይለካሉ።

ሺላይት ደግሞ ተቃራኒ ነው። ነጣ ያለ የተንግስተን ማዕድን ሲሆን በእንዲህ ያሉ የወርቅ ቀበቶዎች ብዙ ጊዜ ከቬይን ጋር ይገኛል። አይዝግም፤ ከሁለቱ ይልቅም ሩቅ ይሄዳል። በቀን ከኳርትዝ መለየት ያስቸግራል። ማታ ግን አጭር ሞገድ ያለው አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። እንግዲህ አንዱ ምልክት ከሩቅ «በዚህ በኩል» ይላል፣ ሌላው «ደርሰሃል» ይላል። ሁለቱን ማምታታት ሰውን ለወራት ያንከራትታል።

የወርቁ ቅንጣት ራሷም ትመረመራለች። መጀመሪያ ወርቅ መሆኗ ይረጋገጣል፤ የዛገ ሚካ ፀሐይ ላይ ከወርቅ በላይ ያብለጨልጫል። ጥላ ውስጥ ገበቴውን አዙረው ሲያዩት ሚካው እየበራና እየጠፋ ይሄዳል፤ ወርቅ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ያው ቢጫ ነው። በመርፌ ጫፍ ሲጫኑት ሚካ ይሰነጠቃል፣ ፓይራይት ይደቃል፣ ወርቅ ግን ይሰረጎዳል። ከዚያ ቅርጿ ይታያል። ከቬይኑ ገና የወጣች ቅንጣት ሸካራ ናት፤ ቅርንጫፍ አላት፣ አንዳንዴ የኳርትዝ ፍርፋሪ እንደተጣበቀባት ነው፣ አብሯት ያደገው ማዕድን ያተመባት ጎድጓዳ ይታያል። ጠጠር ሲወቅጣት ቅርንጫፎቿ ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ትጠፈጠፋለች፣ በመጨረሻ ጠርዟ ክብ ይሆናል። ላይዋ ደግሞ ብሩን በውሃ እያጣ ከውስጧ ይልቅ ይጠራል። ከእናትየው ገበቴ ከወጡት ሦስት ቅንጣቶች ሁለቱ ጠፍጣፋ፣ አንዷ ሸካራ ነበሩ። አንድ ጅረት፣ ሁለት ዓይነት ወርቅ።

ወጣቱ ጠፍጣፋዎቹ ከየት እንደመጡ ለመገመት ብዙ አልፈጀበትም። ከጅረቱ በላይ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ የድሮ የወንዝ ጠጠር ያለበት እርከን አለ፤ ወንዙ በአንድ ወቅት እዚያ ይፈስ ነበር። በየክረምቱ ጎርፉ እርከኑን እየናደ የቆየውን ወርቅ ወደ ታች ይመልሰዋል። እነሱን ተከትሎ የሚወጣ ሰው የሚደርሰው ቬይን ጋ ሳይሆን የጠጠር ክምር ጋ ነው። ስለዚህ የሚቆጥራት ሸካራዋን ብቻ ነው።

መንታው ላይ

ሥራው ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ነው። ወደ ላይ እየወጡ በየተወሰነ ርቀት እኩል መጠን ያለው ጠጠር፣ ለምሳሌ አስር ሊትር፣ ማጠብ። ጅረቱ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱንም ክንድ ከመገናኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ማየት። ሸካራ ቅንጣትና ቡናማ ኪዩብ ያለበትን ይዞ መቀጠል፣ ሌላውን መተው። አዶላ ውስጥ የደለል ወርቅ ከፈረንጆች 1930ዎቹ ጀምሮ ታጥቧል፤ የለገ ደምቢ ዋና ክምችት የታወቀው ደለሉ ለአሥርት ዓመታት ከታጠበ በኋላ፣ ከዚያው ደለል በላይ ባለው አለት ውስጥ ነው።

መንታው ላይ ወጣቱ በግራው ክንድ አጠበ፤ ምንም የለም። ረዳቱ ወደ ቀኙ ለማለፍ ዕቃውን ማንሳት ጀመረ።

«ቆይ፣ ሁለት ጊዜ ልድገመው» አለው።

ምክንያቱ የሂሳብ ነው። በአስር ሊትር ጠጠር ውስጥ በአማካይ አንድ ቅንጣት ያለበት ጅረት ላይ፣ ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ የተበተኑ ከሆነ፣ ከመቶ እጥበት 37ቱ ባዶ ይወጣል። ወርቅ የለም ማለት አይደለም፤ አልደረሰህም ማለት ነው። በአማካይ ሦስት ቅንጣት ካለ ባዶ የሚወጣው ወደ አምስት ይወርዳል። እንግዲህ አንዲት ባዶ ገበቴ ምንም አታስረዳም፣ ሦስት ባዶ ገበቴ ግን ማስረዳት ይጀምራል። ወርቅ ፍለጋ ላይ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ቢጫ ነገር ሲታይ ይመስለናል። የሚሠራው ሳይታይ ሲቀር ነው፤ አንዱን ባዶ ገበቴ አምኖ ትክክለኛውን ሸለቆ ጥሎ የሄደ ሰው ስህተቱን መቼም አያውቀውም።

በሦስተኛው እጥበት ግራው ክንድ አንድ ሸካራ ቅንጣትና ሁለት ኪዩብ ሰጠ። ቀኙ በበኩሉ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ማግኔታይት እንጂ ወርቅ አልነበረውም።

ግራውን ይዘው ሲወጡ ቅንጣቶቹ እየበዙ ሄዱ፤ ከዚያ ከአንድ ትንሽ ፏፏቴ በላይ ድንገት ጠፉ። ይህ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ምንጩን አልፈውታል፣ ወይም ጅረቱ እዚያ ላይ ቀጥ ያለና ልሙጥ አለት ስለሆነ ወርቅ የሚያርፍበት ቦታ የለም። የሚለየው ኪዩቡ ነው። ከፏፏቴው በላይ ባለች ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ያገኙትን ጥቂት ደለል አጠቡ፤ ጥቁር አሸዋ አለ፣ ኪዩብም ወርቅም የለም። አሸዋ መያዝ የቻለች ስንጥቅ ወርቅ ከነበረ ትይዘው ነበር። ምንጩ ከኋላቸው፣ ከዳገቱ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ወዲያ ውሃ አይመራም። ዳገቱን አግድም እየሄዱ በየጥቂት ሜትሩ አፈር ማውጣት፣ ተሸክሞ ወርዶ ማጠብ። አፈር በዳገት ላይ ቁልቁል ስለሚንሸራተት ወርቁም እንደ ማራገቢያ እየሰፋ ይወርዳል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ወርቅ ያለበት ስፋት ይጠባል። ጫፉ ላይ በአግድም ቦይ ይቆፈራል። ከቡና ሥር ባለው ቀይ አፈር ውስጥ፣ ከአንድ ሜትር ጥልቀት በኋላ፣ ጥቁር ግራፋይታዊ ድንጋይና በመሐሉ ክንድ የማይሞላ ውፍረት ያለው ዝገት የበላው ኳርትዝ ወጣ። በዓይን የሚታይ ወርቅ አልነበረበትም።

ይህ አያስደነግጥም። የሚያስቸግረው ናሙናው ነው። ላብራቶሪ የሚያቀልጠው ዱቄት በተለምዶ 50 ግራም ነው። በቶን አራት ግራም ወርቅ ካለው ድንጋይ የተወሰደ 50 ግራም ውስጥ ያለው ወርቅ 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ በጅረቱ ዳር በተመለከትናት ቅንጣት መጠን ቢቆጠር ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ። ከተመሳሳዩ ከረጢት ሁለተኛ 50 ግራም ቢወሰድ አንድ ቅንጣት ወይም አምስት ሊገባበት ይችላል። አንዱ ውጤት ቬይኑን ድሃ ያደርገዋል፣ ሌላው ሀብታም፤ ላብራቶሪው ግን አልተሳሳተም።

ስለዚህ ወጣቱ ከቬይኑ ግድግዳ እስከ ግድግዳ እኩል ጥልቀት ባለው መስመር እየጠረበ ብዙ ኪሎ ድንጋይ ወሰደ። ዝገት የበዛበትን ብቻ መርጦ መውሰድ የሚፈትን ነገር ነው፤ ውጤቱን ያሳምራል፣ ቬይኑን ግን አያሳይም። ላብራቶሪውንም ከየናሙናው አንድ ኪሎ ያህል ፈጭቶ በደቃቅ ወንፊት እንዲያጠልለው፣ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሸካራ ወርቅ በሙሉ ለብቻው፣ ያለፈውን ለብቻው እንዲለካለት በጽሑፍ ጠየቀ። ሁለቱ ሲደመሩ የሚሰጡት ቁጥር በአንድ ቅንጣት ዕድል የሚናወጠው እጅግ ያነሰ ነው። ውጤቱ ሲመጣ በመሰርሰሪያ ወደ ጥልቀት መውረድ ያዋጣ እንደሆነ ይወሰናል፤ እስከዚያው ቦዩ ከብት እንዳይገባበት በእሾህ ታጥሮ ይቆያል።